የፍሬን ሸራው ማለቁን የሚያሳየው መብራት

ከጀርመንኛ የመተርጎም ሥራዬ የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ ደሴ ውስጥ የማገኘው የሰው ወረቀት ነው፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የቪዛ። ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ደግሞ የመኪና ወረቀት ይጠብቀኛል። የባቲና የሚሌ መንገድ ከዚያ ስለሚገነጠል የወደብ ጭነት መኪና አይጠፋም፣ ጋራዥም አይጠፋም። ከአሮጌ የጀርመን መኪና ጋር የመጣ የጥገና መጽሐፍም ከአንዱ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ሁለቱ ወረቀቶች አይመሳሰሉም። የሚያስቸግሩኝ ግን በአንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ጀርመኖች ሦስት አራት ስም አጣብቀው አንድ በሚያደርጉት ቃል።

ከጋራዡ ልጀምር። ከፍሬን ምዕራፍ ውስጥ «ብሬምስበላግፈርሽላይስአንጻይገ» የሚል ቃል አለ። ሲቆራረጥ አራት ነው። «ብሬምስ» ፍሬን፣ «በላግ» ልባስ፣ «ፈርሽላይስ» በመፋተግ መበላት፣ «አንጻይገ» አመልካች። ባለቤቱ የመጨረሻው ቃል ነው፤ የፊተኞቹ እሱን ለመወሰን የተሰለፉ ናቸው። በዚህ አማርኛ ዕድለኛ ነው። እኛም «የቤት ቁልፍ» ስንል ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለንና ሰልፉን መገልበጥ አያስፈልግም። ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰልፉ ስለተስማማ ብቻ «የፍሬን ልባስ መበላት አመልካች» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ቃሉ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ሜካኒኩ ግን ቀና ብሎ ያይሃል።

ሜካኒኩ ለ«ብሬምስበላግ» የራሱ ስም አለው፤ የፍሬን ሸራ ይለዋል። ስለዚህ ከቁርጥራጮቹ ውስጥ ሁለቱ ተጣምረው ጋራዡ የሚያውቃቸው ስም ካላቸው መጀመሪያ እነሱን አንድ አድርጌ አነሳለሁ። የሚቀሩት «መበላት» እና «አመልካች» ናቸው። እዚህ ላይ ሜካኒኩ ስም አይጠቀምም፣ ግሥ ነው የሚጠቀመው፤ «ሸራው አልቋል» ይላል። «የፍሬን ሸራ ማለቁን የሚያሳይ መብራት» ስለው ገባው።

ግሡ ሲወጣ ግን ጀርመንኛው ያልጠየቀኝን ይጠይቀኛል። አልቋል ነው ወይስ ሊያልቅ ነው? «ፈርሽላይስ» ስም ስለሆነ ጊዜ የለውም። አማርኛው መምረጥ አለበት፤ የተሳሳተው ምርጫ ደግሞ ሾፌሩን ወይ ያለ ጊዜው ያስቆመዋል ወይ ቁልቁለት ላይ ያጋልጠዋል። መልሱ ቃሉ ውስጥ አይገኝም፤ መብራቱ ሲበራ ምን አድርግ እንደሚል ገጹን ማንበብ ያስፈልጋል። ወዲያው ቀይር ካለ አልቋል፣ በቅርቡ አስመርምር ካለ ሊያልቅ ነው። «አንጻይገ»ም ቢሆን ሥዕሉ ሳይታይ አይታመንም። መብራት፣ ጌጅ ወይም ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ለፖሊስ የሚቀርብ ክስም የጋዜጣ ማስታወቂያም ነው።

አቆራረጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ድሩክሉፍት» እና «ሉፍትድሩክ» ከሁለት ተመሳሳይ ቃላት ነው የተሠሩት። የፊተኛው የታመቀ አየር ነው፣ የኋለኛው የአየር ግፊት፤ አንዱ ታንከር ውስጥ ያለው ነገር፣ ሌላው ጌጅ ላይ የሚነበበው ልክ። መገጣጠሚያውን ለማግኘት የሚረዳኝ መሐል የሚገባው «ስ» ነው። «ኡንግ» ወይም «ካይት» ብሎ ከሚያልቅ ስም ኋላ ሌላ ስም ከተቀጠለ «ስ» ትገባለች። ምንም ትርጉም የላትም፣ የስፌት ምልክት ናት።

ደሴ ስመለስ ስፌቱ ሰው ይነካል። ዘመድ ለመጠየቅ ጀርመን ለመሄድ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ከጋባዡ «ፈርፕፍሊኽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባል ሰነድ ይላክለታል። ቁርጥራጮቹ «ግዴታ መግባት» እና «መግለጫ» ናቸው። «የግዴታ መግለጫ» ብዬ ብተወው ግን አንባቢዬ ተገድዶ የተሰጠ መግለጫ ነው የሚመስለው፤ አማርኛ ውስጥ «የግዴታ» ማለት በውድ ያልሆነ ነውና። «መግለጫ»ም የመንግሥት ቃል አቀባይ ያስታውሳል። ሰነዱ የሚለው ሌላ ነው፤ ጋባዡ የእንግዳውን የኑሮ፣ የመጠለያና የሕክምና ወጪ ሊችል በጀርመን ባለሥልጣን ፊት ቃል ገብቷል። መንግሥት በእንግዳው ላይ ወጪ ካወጣ ከጋባዡ ያስመልሳል። ግዴታው በመሠረቱ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ደሴ ላይ ሰዉ ይህን በአጭሩ «ስፖንሰር» ይለዋል፤ ቃሉ ክፉ አይደለም፣ ግን ዕዳውን አያሳይም። እኔ በርዕሱ ላይ «የወጪ ኃላፊነት መውሰጃ ሰነድ» እጽፋለሁ። ሰነዱን የሚፈልገው ሠራተኛ ከፋይሉ ውስጥ በቶሎ እንዲያገኘው ርዕስ ማጠር አለበት። የጀርመንኛውን ስም በላቲን ፊደል እንደተጻፈ አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ከርዕሱ በታች ያለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግን ግሡን ያወጣል፤ ማን ለማን ምን ሊችል ቃል ገባ።

ይህ «ማን» የሚሉት ነገር ነው ዋናው። ጀርመን አገር ቤት የለወጠ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለዚህም ከ2015 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ «ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ» ያስፈልገዋል፤ ቤት፣ ሰጪ፣ ማረጋገጫ። «የቤት ሰጪ ማረጋገጫ» ሲባል ማረጋገጫውን የሚሰጠው ቤት ሰጪው ነው? ወይስ ቤት ሰጪ ስለመሆኑ የሚሰጠው ነው? ጀርመናዊው መልሱን ከልማዱ ያውቀዋል፣ የእኛ አንባቢ ግን አያውቀውም። መስተዋድድ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። «ለ» ሲገባ «የ» ስለሚወድቅ «ለቤት ሰጪ ማረጋገጫ ያስፈልጋል» ይሆናል፣ ያን ጊዜ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለአከራዩ መሰለ። «የ»ን በግትርነት ይዤ «በየ» ብል ደግሞ «በእያንዳንዱ» ይሆንብኛል። ስለዚህ በ«የ» ብቻ የተሰራ ሰልፍ ሲወለድ በ«ለ» እና በ«ከ» አስገብቼ እፈትነዋለሁ። ከተንገዳገደ አድራጊው የተደበቀበትን አንዱን መገጣጠሚያ በግሥ እከፍታለሁ፤ «ተከራዩ መግባቱን አከራዩ ያረጋገጠበት ወረቀት»። ሁሉንም መክፈት አያስፈልግም። ሁሉንም የከፈተ ተርጓሚ የሚጽፈው ትርጉም ሳይሆን ማብራሪያ ነው።

ቀበሌዎቻችን ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል። «ያላገባ ማስረጃ» የሚለው ስም በግሥ የተሠራ ነው፤ የጀርመንኛው «ሌዲኽካይትስበሻይኒጉንግ» ከሱ ጋር ልክ ይገጥማል። ችግሩ የሚመጣው ጀርመን ውስጥ ለሚፈጸም ጋብቻ የሚጠየቀው «ኤሄፌሂኽካይትስጾይግኒስ» በዚያው ስም ሲጠራ ነው። የኋለኛው ሰውዬው በአገሩ ሕግ ለማግባት እንቅፋት የሌለበት መሆኑን ነው የሚመሰክረው፤ ያላገባ መሆን ከዚያ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው፣ ዕድሜና ዝምድናም ይታያሉ። አንዱን በሌላው ስም የተረጎመ ደንበኛውን የተሳሳተ ወረቀት ፍለጋ ይልከዋል።

መዝገበ ቃላት አይረዳም ወይ የሚል ይኖራል። የጀርመን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ ላቲን መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 እ.ኤ.አ. ፍራንክፈርት ነው። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ከወሎ ከመካነ ሥላሴ የሄዱ ነበሩ። እንዲያ ያለ ጥንድ ሥራ የቃል አቻ ያወርሳል። ሰልፉን ግን መዝገበ ቃላት አይዘውም፤ ጀርመኖች በየቀኑ አዲስ ይሠራሉና።

በጣም የምፈራው ሁለት ቃል አለ። «አውፍኤንትሃልትስኤርላውብኒስ» እና «አውፍኤንትሃልትስገሽታቱንግ»፤ ሁለቱም ቆይታና ፈቃድ ናቸው፣ ሁለቱም አማርኛ ላይ «የመኖሪያ ፈቃድ» ሆነው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለቤተሰብ ወይም ለመሳሰለው ምክንያት የተሰጠ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ጥገኝነት ጠይቆ ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ብቻ መቆየት የተፈቀደለት ሰው የሚይዘው ነው። ልጁ ፎቶ አንስቶ የላከውን ወረቀት ይዘው የሚመጡ እናት ሁለተኛውን «የመኖሪያ ፈቃድ» ብዬ ብጽፍላቸው ልጃቸው ወረቀት አገኘ ብለው ይመለሳሉ። «የጥገኝነት ጥያቄው እስኪወሰን መቆያ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «እስኪወሰን» የምትለውን ቃል ደግሞ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።