ማጣበቂያ ከመግዛትዎ በፊት ስብራቱን ይዩት

የወንበር እግር ሲላቀቅ ብዙ ሰው በቀጥታ ሱቅ ሄዶ «ጠንካራው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ከሱቁ በፊት የተላቀቀውን ገጽ ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል። ከዚህ በፊት ተጣብቆ የነበረ ዕቃ ከሆነ፣ የፊተኛው ጥገና ለምን እንደከሸፈ እዚያው ላይ ይታያል።

ማጣበቂያው ከአንደኛው ወገን ሙልጭ ብሎ ተነሥቶ ሌላኛው ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፎ ከቀረ፣ ጥፋቱ የጥንካሬ ማነስ አይደለም። የለቀቀው ገጽ አቧራ፣ ቅባት ወይም ቀለም ነበረበት፤ አለዚያም ማጣበቂያው ለዚያ ዕቃ የሚሆን አልነበረም። ማጣበቂያው መሃል ለመሃል ተገምሶ በሁለቱም ወገን ከቀረ፣ ወይ ወፍሮ ተቀብቷል ወይ ሳይደርቅ ተጭኖበታል። መጋጠሚያው ሳይለቅ ጎኑ ያለው እንጨት ራሱ ተቦጭቆ ከሆነ ደግሞ የፊተኛው ባለሙያ አይወቀስም፤ ወንበሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል።

በእንጨት እንጀምር። ለእንጨት ከነጩ ኮላ የሚበልጥ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ኮላ የሚይዘው ውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንጨቱ ሰርጎ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሁለት ብረት ወይም ሁለት ፕላስቲክ በኮላ ቢጣበቁ ውኃው መሄጃ ያጣና ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል።

የሚወዛወዝ ወንበር ተገኘ እንበል። የእግሮቹ ማገናኛ አግዳሚ ጫፍ፣ ማለትም ወንዴው፣ ከሴቴው ቀዳዳ ወጥቷል። ችኩል ጠጋኝ ያው አሮጌ ኮላ ላይ አዲስ ኮላ አፍስሶ ይመልሰዋል። ይህ አይይዝም፤ የደረቀ ኮላ የእንጨቱን ቀዳዳዎች ስለደፈናቸው አዲሱ የሚሰርግበት የለውም። አሮጌውን በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጥሬው እንጨት እስኪታይ ድረስ ማንሳት ግድ ነው። ቀጥሎ ያለ ኮላ ገጥሞ መሞከር ነው። በእጅ ተገፍቶ ጠበቅ ብሎ ከገባ ኮላ ይበቃዋል። ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ኮላ ብቻውን አይረዳም፤ ክፍተት የመሙላት አቅም የለውምና። ብዙ ቦታ ኮላን ከሰጋቱራ ጋር ለውሶ ክፍተቱን መድፈን የተለመደ ነው። ላይ ላዩን ያምራል፣ ጭነት ግን አይሸከምም። የተሻለው ወንዴው ላይ ስስ የእንጨት ልጥ በኮላ አጣብቆ ማወፈር፣ ሲደርቅም በልኩ ማስተካከል ነው።

ከዚያ በኋላ ወንዴውም ሴቴውም ስስ ተደርገው ይቀባሉ፤ ይገጠማል፤ በሞርሳ ወይም በተጠማዘዘ ሲባጎ ይጠብቃል። የጥሩ ሥራ ምልክት እዚህ ላይ ነው። በመጋጠሚያው ዙሪያ ኮላው እንደ ትናንሽ ዶቃ ተደርድሮ መውጣት አለበት። ምንም ካልወጣ ኮላው አንሷል ወይም ግፊቱ ደካማ ነው፤ እየተንጠባጠበ ከፈሰሰ ደግሞ በዝቷል። የወጣው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሞርሳው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል፤ ሰው የሚቀመጥበት ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። መጋጠሚያው ላይ ሚስማር የመታ ጠጋኝ ካጋጠመዎት በሥራው አልተማመነም ማለት ነው፤ ሚስማሩ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል እንጂ ኮላውን አያግዘውም። እግሩ ቁመቱን ሳይሆን አግድም ለሁለት ተቆርጦ ከሆነ ግን ኮላ ብቻውን አያድነውም፤ ውስጡ ካስማ ይፈልጋል።

ብረት ከብረት ወይም ብረት ከእንጨት ሲሆን ተራው የኢፖክሲ ነው። ኢፖክሲ በሁለት ቱቦ ይሸጣል። ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ስለሚጠነክሩ የሚወጣ ውኃ የለም፣ ክፍተትም ይሞላል። የሚያበላሸው የመለኪያ ስህተትና የችኮላ ማዋሃድ ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቆ፣ መልኩ አንድ ወጥ እስኪሆን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማማሰል ያስፈልጋል። በማግስቱ በጥፍር ሲጫኑት ሙጭጭ የሚል ከሆነ መጠኑ ተዛብቷል፤ ጊዜ አያደነድነውም፣ ተፍቆ እንደገና ይሠራል። በ5 ደቂቃ የሚይዘው ዓይነት ለችኩል ሥራ ያመቻል፤ ጭነት ለሚሸከም ግን ቀስ ብሎ የሚደርቀው ይመረጣል።

የብረቱ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ በአልኮል መጠረግ አለበት። መጽዳቱን ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ውኃ ጠብ ያድርጉበት። ውኃው ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ እየሆነ ከተሰበሰበ ቅባት አለበት። ከዚህ በኋላ ይደርቅ፤ በጣትም አይነካ። እሳት ላይ የሚጣድ ድስት ግን በኢፖክሲ አይጠገንም፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል።

ፕላስቲክ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ከስብራቱ ጥግ ትንሽ ፍቅፋቂ ቆርጠው ውኃ ውስጥ ይጣሉት። ከተንሳፈፈ ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው፤ ጀሪካንና ብዙው የፕላስቲክ ወንበር ከእነዚህ ይሠራል። በታችኛው ክፍላቸው ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 2፣ 4 ወይም 5 ቁጥር ይገኛል። የተለመዱት ማጣበቂያዎች በሙሉ ከእነዚህ ገጽ ላይ ይላጣሉ። ፍም ላይ በጋለ ብረት አቅልጦ ማያያዝ ወይም በሽቦ መስፋት ከየትኛውም ቱቦ ይበልጣል። ከሰመጠ ግን ብዙ ጊዜ ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ይሠራለታል።

ሱፐር ግሉ የሚይዘው ገጹ ላይ ባለችው ትንሽ እርጥበት ስለሆነ፣ አንድ ጠብታ ከአምስት ጠብታ ይሻላል። ሁለቱ ወገኖች ቁልጭ ብለው ለሚገጥሙ ትናንሽ ስብራቶች ጥሩ ነው። ሲደርቅ ግን ግትር ነው፤ መውደቅንና መላጥን አይችልም። የሚታጠፍ ጫማ በሱፐር ግሉ ከተጣበቀ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ለጎማና ለጫማ ሶል የሚሆነው ማስቲሽ ነው፤ ከደረቀም በኋላ አብሮ ይታጠፋል። ሁለቱም ወገን ተሞርዶ ይቀባል፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። በጣት ጀርባ ሲነካ የሚለጠፍ መስሎ ነገር ግን ክር ሳይስብ ሲቀር ደርሷል። እርጥብ ሆኖ ከተገጠመ ውስጡ ታፍኖ አረፋ ይይዛል። አንዴ ከተነካካ ማንሳት ስለማይቻል አስተካክሎ ማስቀመጥና በመዶሻ በሚገባ መምታት ነው፤ እዚህ ላይ የሚወስነው የግፊቱ ብርታት እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ሽታው ጎጂ፣ ትነቱም ተቀጣጣይ ስለሆነ መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ ይሠራ። ሶሉ በጥፍር ሲቧጠጥ እንደ ደረቅ ዳቦ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ቁሳቁሱ ራሱ አርጅቷል፤ ማስቲሽም አያድነውም፣ ሶል ይቀየር።

የተጠገነ ዕቃ ሲረከቡ ታዲያ ስለ ማጣበቂያው ስም አይከራከሩ። አሮጌው ተፍቆ እንደነበር፣ ለስንት ሰዓት ተጠብቆ እንደቆየ ይጠይቁ፤ መጋጠሚያውንም በጥፍር ይዳስሱ። ለእነዚህ መልስ የሌለው ጠጋኝ ምንም ውድ ማጣበቂያ ቢይዝ ሥራውን አይረከቡት።