የሚሻገሩትን መቁጠር

በአንድ ሰፈር ሁለት ሱቆች አሉ እንበል፤ አንዱ ከመንገዱ በላይ፣ ሌላው ከመንገዱ በታች። በዚህ ሳምንት ከላይኛው ሱቅ ከገዙት ውስጥ 80 በመቶው በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ይገዛሉ፤ 20 በመቶው ወደ ታችኛው ይሻገራሉ። ታችኛው 70 በመቶውን ያቆያል፣ 30 በመቶውን ለላይኛው ይለቃል። ላይኛው ሱቅ ገና በቅርቡ ስለተከፈተ ከሰፈሩ 100 ደንበኞች ዛሬ 20ዎቹ ብቻ ናቸው የእሱ። ይህ ልማድ ሳይለወጥ ቢቀጥል ውሎ አድሮ ለእያንዳንዱ ስንት ደንበኛ ይደርሰዋል?

ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች ስሰጥ ብዙዎቹ 80ን ለ150 ያካፍሉና ላይኛው 53 በመቶ ገደማ ይይዛል ይላሉ። ዓይናቸው የሚያርፈው በሚቆዩት ላይ ነው። ድርሻውን የሚወስኑት ግን የሚሻገሩት ናቸው።

የሽግግር ማትሪክሱ ይህ ነው፦

```
           ወደ ላይኛው   ወደ ታችኛው
ከላይኛው       0.8         0.2
ከታችኛው       0.3         0.7
```

እያንዳንዱ ረድፍ ሲደመር 1 ይመጣል። የዛሬውን ድርሻ በዚህ ስናባዛ ለላይኛው የሚደርሰው ከራሱ የቀሩት 16 እና ከታች የመጡት 24፣ በድምሩ 40 ነው። ረድፉንና ዓምዱን ያምታታ ሰው 32 እና 62 ያገኛል። ድምሩ 94 ነው፤ ስድስት ደንበኞች የትም ሳይሄዱ ጠፍተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ብዜት በኋላ ድምሩን አያለሁ።

ስሌቱን ስንቀጥል የላይኛው ድርሻ ከ40 ወደ 50፣ ከዚያ ወደ 55፣ ከዚያ ወደ 57.5 ይሄዳል። የሚጠጋው ወደ 60 ነው። ለምን 60 እንደሆነ ለማየት ማባዛቱን ትተን መንገዱ ላይ ቆመን እንቁጠር። ላይኛው 60 ደንበኞች ሲኖሩት 20 በመቶው፣ ማለትም 12 ሰዎች፣ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከታችኛው 40 ደንበኞች ደግሞ 30 በመቶው፣ እነሱም 12፣ ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚወጣውና የሚወርደው እኩል ስለሆነ ድርሻው ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የላይኛው የረጅም ጊዜ ድርሻ 0.3 ሲካፈል ለ0.2 እና 0.3 ድምር ነው። አንድ ሱቅ ድርሻው የሚያድገው የራሱ ደንበኞች ሲለቁት ሳይሆን የሌላው ሲለቁ ነውና በክፍልፋዩ አናት የሚቀመጠው የሌላው ሱቅ ቁጥር ነው።

መድረሻውን ማወቅ ግን መቼ እንደሚደረስ አይነግርም። በሌላ ሰፈር፣ ከዚያው 20 ተነስተን፣ ላይኛው 10፣ ታችኛው 15 በመቶ ብቻ ቢለቁም መድረሻው ያው 60 ነው። በመጀመሪያው ሰፈር ከ60 ያለው ርቀት በየሳምንቱ በግማሽ ሲቀንስ በዚህኛው ግን ሦስት አራተኛው ይቀራል፤ ይህም ከ1 ላይ ሁለቱን የመልቀቅ ቁጥሮች ስንቀንስ የሚገኘው ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ አንደኛው 57.5 ላይ ሲሆን ሁለተኛው ገና 47 አካባቢ ነው። የኪራይ ቀን ለሚጠብቀው ባለሱቅ የሚበልጠው ይህ ልዩነት ይመስለኛል።

ይህን ዘዴ የፈጠረው የሂሳብ ሊቅ አንድሬይ ማርኮቭ ራሱ በ1913 ያሳየው በፊደላት ነበር። ከፑሽኪን «ኢቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላት ወስዶ 8,638 አናባቢና 11,362 ተነባቢ አገኘ። ከአናባቢዎቹ ቀጥሎ አናባቢ የመጣው 1,104 ጊዜ ነው፤ በቀሩት 7,534 ቦታዎች ጽሑፉ ወደ ተነባቢ ተሻግሯል። አንድ ጊዜ የተሻገረ ጽሑፍ ሳይመለስ ዳግም ሊሻገር አይችልምና የመመለሻው ብዛትም ከአንድ በላይ አይለያይም። ከአናባቢ የመልቀቁ ዕድል 0.872፣ ከተነባቢ የመልቀቁ 0.663 ነው። በቀመሩ የአናባቢ ድርሻ 0.432 ይመጣል፤ ቆጠራውም ያንኑ ይሰጣል።

ማርኮቭ ግን በዚህ አልቆመም። ከአንድ ተነባቢ በኋላ ሌላ ተነባቢ የመምጣቱ ዕድል 0.337 ሲሆን፣ ከሁለት ተከታታይ ተነባቢዎች በኋላ ግን ወደ 0.132 ይወርዳል። ጽሑፉ ከአንድ ፊደል የበለጠ ያስታውሳል። ያም ሆኖ የአናባቢ ድርሻው ያልተዛባው የመልቀቅ ዕድሎቹም ድርሻውም ከአንድ ረጅም ጽሑፍ ስለተቆጠሩ ነው።

ባለሱቅ ግን ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው የሁለት ሳምንት መዝገብ ብቻ ነው፤ ሰፈሩም ገና አልረጋም። ስለዚህ የሦስተኛውን ሳምንት መዝገብ ጠይቁ። በማትሪክሱ መሠረት በመጀመሪያው ሳምንት ከላይኛው ከገዙት መካከል በሦስተኛው ሳምንት እዚያው የሚገኙት 70 በመቶ ናቸው፤ 64ቱ ሳይሄዱ የቆዩ፣ 6ቱ ሄደው የተመለሱ። መዝገቡ 78 ካሳየና ደንበኞቹ ጥቂት ካልሆኑ፣ ከነሱ ውስጥ ምንም ቢሆን የማይሻገሩ እንዳሉ እጠረጥራለሁ። እነሱን ለይቼ፣ ማትሪክሱን ለተሻጋሪዎቹ ብቻ እንደገና እሠራለሁ።