ማለዳ የተላከ የሕመም መልእክት እንዴት ይመዘናል?

በድንገት የታመመ ሠራተኛ ለአለቃው የላከውን መልእክት ሳገኝ መጀመሪያ የማነበው የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ነው። ሰላምታው፣ ይቅርታው፣ የሕመሙ ዓይነት ቆይቶ ይነበባል። መጨረሻው ላይ «በዚህ ሰዓት፣ ስለዚህ ጉዳይ አሳውቃለሁ» የሚል ቃል ካለ፣ ጸሐፊው አለቃው በዚያ ቀን ምን እንደሚቸገር አስቦበታል። ያ ቃል ከሌለ ሌላው ሁሉ ቢያምርም መልእክቱ ግማሽ ነው። የፋይናንስ ክፍል በምመራበት ዘመን እንዲህ ያሉ መልእክቶች በየወሩ ይደርሱኝ ነበር። ጥሩውን ከደካማው የለየሁት በመልእክቱ ርዝመትም ሆነ በትሕትናው ሳይሆን፣ ካነበብኩት በኋላ ስልክ ለመደወል መገደድ አለመገደዴን በማየት ነው።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የግል ፋብሪካ የሠራተኞችን ደመወዝ የምታዘጋጅ ባለሙያ ወሩ ሊያልቅ ሲል ሌሊት ትታመማለች። ቢሮው የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ቀን የደመወዝ ማስተላለፊያ ደብዳቤው በሁለት ኃላፊዎች ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ከዝርዝሩ ጋር እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ባንክ መድረስ አለበት። ከዘገየ ሠራተኛው ደመወዙን የሚያገኘው በማግስቱ ነው። የሚከተለው በብዛት የሚላከው ዓይነት መልእክት ነው፦

«እንደምን አደሩ። ትንሽ ስላመመኝ ዛሬ ላልገባ እችላለሁ። ሲሻለኝ እደውላለሁ። በጣም ይቅርታ።»

ጨዋ መልእክት ነው፤ የሚያስቀይም ቃል የለበትም። ግን አለቃው ከዚህ ተነስቶ ምንም መወሰን አይችልም። «ላልገባ እችላለሁ» ማለት ልትገባም ትችላለች ማለት ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ከመመደቡ በፊት እስከ 3 ሰዓት ይጠብቃል። «ትንሽ» የሚለው ቃል በይሉኝታ የገባ ነው፤ አንባቢው ግን እንደ ቃሉ ወስዶ «ትንሽ ከሆነ እስከ ምሳ ትደርሳለች» ብሎ ይገምታል። ከሁሉ የከፋው «ሲሻለኝ እደውላለሁ» ነው። ዜናውን ከመዳን ጋር ያስራል። ካልተሻላትስ? ዝምታዋ መባባስ ይሁን፣ እንቅልፍ ይሁን፣ መዘንጋት ይሁን አለቃው ማወቂያ የለውም። እንዲያውም አለቃው ዜናውን አጥብቆ የሚፈልገው ሳይሻላት ሲቀር ነው፤ ይህ ቃል ደግሞ ዜናውን የሚያስቀረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ይህንኛውን ይመልከቱ። የተላከው ከማለዳው 12 ሰዓት ከ50 ላይ ነው፦

«እንደምን አደሩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ትኩሳትና ማስመለስ ስላለብኝ ዛሬ ሥራ አልገባም። አሁን ወደ ክሊኒክ እየሄድኩ ነው። የወሩ የደመወዝ ዝርዝር ተጠናቆ በፋይናንስ የጋራ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። የባንኩ ደብዳቤ ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ነው፤ የቀረው ሁለቱ ፊርማና ማኅተሙ ነው። ተሻለኝም አልተሻለኝም ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነገ ስለመግባቴ አሳውቅዎታለሁ። እስከዚያ ስልክ ላላነሳ እችላለሁ። ስላስቸገርኩ ይቅርታ።»

ይህ ጥሩ ሥራ ነው፤ ጥሩነቱም ሲፈተሽ ይታያል። «አልገባም» ብላ ቆርጣለች። ሕመሙን የነገረችው የሚሰማትን በመግለጽ እንጂ የበሽታ ስም በመስጠት አይደለም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ሳይመረመር «ታይፎይድ ይዞኛል» ብሎ ይጽፋል፤ በኋላ የሐኪሙ ወረቀት ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ ያለ ጥፋቱ እንደ ዋሾ ይታያል። ትኩሳትና ማስመለስ ግን ውጤቱ ምንም ቢሆን እውነት ሆነው ይቆያሉ። ከዚህ በላይ ዝርዝር አለቃውን አይጠቅምም። ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ማታ ምን እንደበላች መጻፍ የመታመን ጉጉት ነው፤ አንባቢውን ያሳቅቃል እንጂ የሚወስነውን አይለውጥም። ሕመሙ በግል መያዝ ያለበት ዓይነት ከሆነ «ድንገተኛ ሕመም ስላጋጠመኝ» ይበቃል። አብረው የዋሉ ባልደረቦችን ሊይዝ የሚችል ነገር ከተጠረጠረ ግን ያንን መናገር ግዴታ ነው።

የሥራው ርክክብም ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ ምን አልቋል፣ የት ነው፣ ምን ቀርቷል። ደካማ ጸሐፊ «ደመወዙን በተመለከተ አያስቡ፣ ጨርሼዋለሁ» ይልና ክላሰሩን ሳይጠቅስ ይቀራል፤ አለቃው 3 ሰዓት ላይ መሳቢያ ሲከፍት ይገኛል። ጎበዙ ጸሐፊ የሚነካው የዛሬውን ሥራ ብቻ ነው። የሳምንቱን ሥራ ሁሉ የሚዘረዝር መልእክት ውስጥ አስቸኳዩ ነገር ይጠፋል።

አሁን ወደ 8 ሰዓት እንመለስ፤ የመልእክቱ ልብ እሱ ነው። አንደኛ፣ ሰዓቱ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ከታች ሲታይ፣ ክሊኒክ ሄዳ፣ ደም ሰጥታ፣ ውጤት ጠብቃ፣ ሐኪሙን አነጋግራ ለመጨረስ ረፋዱ ያልቃል፤ 5 ሰዓት ላይ አሳውቃለሁ ብትል ኖሮ ገና ወረፋ ላይ ሳለች ሰዓቱ ያልፍባት ነበር። ከላይ ሲታይ ደግሞ አለቃው ለነገ ሰው የሚተካው ሌሎቹ ቢሮ ሳሉ ነው። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ የመጣ ዜና ሁሉም ቦርሳውን ሲያነሳ ይደርሳል። ስለዚህ ጥሩ ሰዓት ማለት ታማሚው የሚነግረው ነገር ካገኘ በኋላ፣ አለቃው ደግሞ ሊጠቀምበት የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ ነው። በዚህ ጉዳይ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከ7 ተኩል እስከ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ 8 ሰዓት መሀሉ ላይ አርፏል። በፈረቃ በሚሠራበት ቦታ ልኬቱ ይለወጣል። የማታ ፈረቃ የሚገባ ነርስ ወይም ጥበቃ ለአለቃው የሚሰጠው ሰዓት ተተኪው ከቤቱ መውጣት ካለበት ጊዜ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ ቃል የገባችው ስለ ጤናዋ አይደለም። «ነገ እገባለሁ» ብላ ብትጽፍ በእጇ በሌለ ነገር ቃል መግባት ይሆንባት ነበር። «8 ሰዓት ላይ ስለ ነገ አሳውቃለሁ» ግን ትኩሳቷ ባይወርድም ልትጠብቀው የምትችለው ቃል ነው። «ተሻለኝም አልተሻለኝም» የሚለው ሐረግ መልእክቱን ስለሚያስረግጠው እኔ እጅግ አከብረዋለሁ። «ከሰዓት በኋላ» ወይም «ውጤት ሲመጣ» ቢባል አለቃው ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ስልኩን እያየ ይውላል። አለቃው የውጭ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ በሱ አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ በእኛ 8 ሰዓት የተባለው ለእሱ የጠዋቱ መግቢያ ነው።

ሦስተኛ፣ «እስከዚያ ስልክ ላላነሳ እችላለሁ» የሚለው ለታማሚው ዕረፍት ይሰጣል። ይህን ካነበበ በኋላ አለቃው ባይመለስለትም አይደነግጥም። ከቤት ሆኖ መርዳት የሚፈልግም ልኩን መወሰን አለበት። «ከአልጋዬ ሆኜ እሠራለሁ» የሚል መልእክት ሰው መመደብ አለመመደቡን አለቃው እንዳያውቅ ያደርገዋል፤ «ከ4 እስከ 5 ሰዓት ጥያቄ መመለስ እችላለሁ» ግን ግልጽ ነው።

የመልእክቱ እውነተኛ ፈተና 8 ሰዓት ሲደርስ ነው። ጥሩ ጸሐፊ ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም ይጽፋል፦ «ከክሊኒክ ወጥቻለሁ፤ የአንዱ ምርመራ ውጤት ገና ነው። ለነገ እንደማልገባ ቆጥረው ሰው ይመድቡ። ነገ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ አሳውቃለሁ።» እዚህ ላይ «ገና አላወቅኩም» ማለትም ዜና ነው፤ ደግሞም ቀጣይ ሰዓት ይዟል። ሐኪሙ የዕረፍት ቀን ጽፎ ከሰጠ በኋላ ግን የሰዓት ቀጠሮው ያበቃል። «የ3 ቀን ዕረፍት ተሰጥቶኛል፤ የወረቀቱን ፎቶ ልኬያለሁ፤ ሰኞ እገባለሁ፤ የሚለወጥ ነገር ካለ እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አሳውቃለሁ» ይበቃል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጻፍም ሆነ በየቀኑ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሕጉ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው የሚጠይቀው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የታመመ ሠራተኛ ቢዘገይ ከሥራ በቀረበት ማግስት ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ አሠሪው ሊያውቅ በሚችልበት ሁኔታ ወይም ማስታወቅ በማይቻልበት ጊዜ ይህም ይቀራል። የሕመም ፈቃዱ የሚጸናው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት በሚመጣ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መልእክቱ ምንም ያህል ቢያምር ወረቀቱን አይተካም፤ ወረቀቱም ቢሆን ማለዳ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ለቆመው ሥራ አይደርስም።

መንገዱንም ማየት ይገባል። መልእክቱ የሚላከው ለቅርብ አለቃ ነው። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለጠፈ በ10 ደቂቃ ውስጥ «እግዚአብሔር ይማርሽ» እና «አላህ ያሽርሽ» ከላዩ ይደራረቡና የክላሰሩን ነገር አለቃው ሳያየው ያልፋል። በቴሌግራም አንድ ምልክት ተልኳል ማለት ነው፤ መነበቡን የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። ቢሮ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀር ሁለተኛው ካልታየ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መድገም ወይም መደወል ነው። ታማሚው መጻፍ ካቃተው ቤተሰብ ይጽፍለት፤ ግን ማን እንደሚጽፍ፣ ለታማሚው ምኑ እንደሆነና 8 ሰዓት ላይ የሚደውለው ማን እንደሆነ ይገለጽ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ተቀባዩ ድርሻውን ሲወጣ ነው። ለአለቆች የምለው አለኝ። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ «እግዚአብሔር ይማርሽ። ደርሶኛል፤ ደብዳቤውን እኔ አስፈርማለሁ። 8 ሰዓት ላይ እጠብቃለሁ» ብላችሁ መልሱ። ከዚያ በኋላ 4 ሰዓት ላይ «እንዴት ሆንሽ፣ ለነገ ትደርሻለሽ?» ብላችሁ አትደውሉ። ሰዓቱን ሰጥታችኋለች፤ እስኪደርስ ታገሷት።