ከጠርዙ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር

ኢሬቻ ሲቃረብ ቢሾፍቱ ያለን የኅትመት ሠራተኞች ፋታ የለንም። ደንበኛው ከቴሌግራም ያወረደውን የሆራ አርሰዲ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ከታች ጠርዙ ላይ የፎቶ አንሺው ሎጎና ስልክ ቁጥር አለ። «እሱን ቁረጥና ለብሮሸሩ ሽፋን አድርግልኝ» ይላል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥራቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ነው።

መቁረጥ ብቻውን ምስልን አያደበዝዝም። የቀሩት ፒክስሎች እንደነበሩ ናቸው፤ ቁጥራቸው ነው የሚያንሰው። ብዥታው የሚመጣው የቀረውን ለጥጠን ያንኑ ገጽ ስንሞላበት ነው።

አንዱን ፎቶ እንለካው። ስፋቱ 1280፣ ቁመቱ 853 ፒክስል ነው። ሎጎው የታችኛውን 85 ረድፍ ይዟል፤ ሲወገድ ቁመቱ 768 ይሆናል። አሥር በመቶ ብቻ የሄደ ይመስላል። ሽፋኑ ግን በአግድም የተኛ ኤ4 ነው፤ ቁመቱ ሲያጥር የገጹን ቅርጽ ለመጠበቅ ከጎንም መቁረጥ ግድ ነው። ሎጎው ሳይነካ ገጹን የሚሞላው ክፍል 1206 በ853 ነበር፤ አሁን 1086 በ768 ሆነ። ገጹ ላይ ከሚውሉት ፒክስሎች 19 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። በወረቀት ላይ በኢንች 103 የነበረው ወደ 93 ወረደ።

ለጥሩ ኅትመት የምንፈልገው 300 ነው። ስለዚህ ትልቁ ጉዳት የደረሰው ከመቀሱ በፊት ነው። ፎቶው ከካሜራው ሲወጣ 6000 በ4000 ነበር፤ ቴሌግራም በተለመደው አላላክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ያወርደዋል። ከዋናው ላይ ያንኑ አሥር በመቶ ብንቆርጥ እንኳ በኢንች ከ400 በላይ ይተርፈናል።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ከቆረጡ በኋላ ሲያስቀምጡ ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ያምቀዋል፤ እንደገና ሲቀመጥ እንደገና ይታመቃል። ጉዳቱ ሰዎች የያዙት እርጥብ ሣር ከውኃው ጋር በሚገናኝበት መስመር ዙሪያ እንደ አቧራ ይታያል። ያለ ዳግም እመቃ የሚቆርጥ ትእዛዝ አለ፦

```
jpegtran -copy all -crop 1280x768+0+0 -outfile b.jpg a.jpg
```

ይህ ከዳግም እመቃ ያድናል፤ የጠፋውን ፒክስል ግን አይመልስም። የሚመልሰው ሊቆረጥ የታሰበው ጠርዝ ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል።

ስለዚህ ደንበኞቼ፣ ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት ለፎቶ አንሺው ደውሉ። ፈቃዱን ጠይቁ፣ ዋጋውን ተስማሙ፣ ዋናውን ምስል እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ንገሩት፤ ስሙንም ከብሮሸሩ ጀርባ በትንሽ ፊደል እናትመዋለን።