ጥሩ የሶፕ ማስታወሻ በምን ይታወቃል?

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚጻፉ የክትትል ማስታወሻዎችን የሚገመግሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያመሰግኑት የሞላውን ገጽ ነው፤ አራቱ ፊደላት በኅዳጉ ተሰልፈው ከታዩ፣ የግፊቱ ቁጥር ከሰፈረና ከግርጌው ፊርማና ቀጠሮ ካለ ሥራው እንደተሠራ ይቆጥሩታል፤ ይህም የተሳሳተ ሚዛን ነው። ሶፕ የሚባለው አጻጻፍ የመነጨው አሜሪካዊው ሐኪም ሎረንስ ዊድ የሕክምና መዝገብ በበሽተኛው ችግሮች ዙሪያ እንዲደራጅ ካቀረቡትና እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ በሰፊው ከታወቀው ሐሳብ ሲሆን፣ ዓላማውም ጸሐፊው ከምን ተነሥቶ ወደ ምን ውሳኔ እንደደረሰ ሌላ ሐኪም ተከትሎ እንዲፈትሸው ማስቻል ነበር። ኤስ በሽተኛው የሚናገረው፣ ኦ የሚለካውና በምርመራ የሚገኘው፣ ኤ ከሁለቱ ተመዝኖ የሚደረስበት ፍርድ፣ ፒ ደግሞ ከፍርዱ የሚከተለው እርምጃ ነው።

ግፊት የሚለካው በሽተኛው አምስት ደቂቃ ያህል ዐርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎና ክንዱን በልቡ ትይዩ አስቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ መሆኑ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዕይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ ጎን መድከም መኖር አለመኖሩም በጽሑፍ መስፈር ያለበት መሆኑ እዚህ አይተነተንም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ማስታወሻ ከመጻፉ በፊት መለካትና መጠየቅ ይማር።

ደካማ ማስታወሻ የሚጋለጠው በኤ ላይ ነው። በዚያ ስፍራ «በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት» ከሚለው በቀር ምንም ካልተጻፈ፣ ጸሐፊው የሰጠው ፍርድ የለም፤ በኦ ላይ በአኃዝ የጻፈውን 168/98 በፊደል ደግሞ ጻፈው እንጂ። ገምጋሚው ኤን በጣቱ ሸፍኖ ኦን ብቻ ያንብብ፤ የተሸፈነውን ቃል በቃል መገመት ከቻለ፣ ያ ኤ ባይጻፍም የሚጎድል ነገር አልነበረም። ከእንዲህ ዓይነቱ ኤ በኋላ የሚመጣው ፒም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ከወር በኋላ ይምጣ»። በየወሩ ተገልብጦ የሚጻፈው ይህ ሐረግ ነው በሽተኛውን ከዓመት ዓመት በዚያው ቁጥር ላይ የሚያቆየው። ገጹን ባለማወቅ የሚያመሰግኑ ተለማማጆች ይቅር ይባሉ፤ አይተው የሚያልፉ አሠልጣኞች ግን ምክንያት የላቸውም።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ከገሰራ ወደ ሮቤ ለክትትል የሚመላለስ የ58 ዓመት ገበሬ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን፣ ማለትም የደም ሥሮችን በማላላት ግፊትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ታዞለታል እንበል። ዛሬ ግፊቱ 168/98፣ ሲደገምም 164/96 ሆኖ ተገኘ። ካርዱ እንደሚያሳየው ባለፈው ቀጠሮ ግፊቱ 138/84 ነበር፣ የተሰጠውም 30 ኪኒን ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስንዴ ሲያጭድ ቀጠሮው አልፎበት 42 ቀናት ተቆጥረዋል። እንግዲህ በየቀኑ ሳያጓድል ቢውጥ እንኳ ኪኒኑ ካለቀ 12 ቀን ሆኖታል፤ በሽተኛውም ሲጠየቅ የመጨረሻዋን የዋጠው ከዛሬ 12 ቀን በፊት እንደሆነ ተናገረ። አምሎዲፒን ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ስለሆነ የአንድ ቀን መዝለል ይህን ያህል ከፍታ ሊያብራራ አይችልም፣ የ12 ቀን ማጣት ግን ያብራራል። ስለዚህ ኤ ሊነበብ የሚገባው እንዲህ ነው፦ «ግፊቱ የጨመረው ኪኒኑ ካለቀ 12 ቀን ስለሆነ ነው፤ ሲውጥ 138/84 ስለነበረ መጠኑ አንሷል አያሰኝም፤ አስቸኳይ የጉዳት ምልክት የለም»። ፒም ከዚህ በራሱ ይወርዳል፦ መጠኑ አይጨመርም፣ 5 ሚሊ ግራሙ እንደገና ይጀመራል፣ ቀጠሮው ቢያልፍ እንኳ እንዳያልቅበት የሁለት ወር ኪኒን ይሰጠዋል፣ ግፊቱም ከአራት ሳምንት በኋላ ይለካል።

አሁን ቁጥሩ ሳይለወጥ ሰውየው ይለወጥ። ይኸኛው የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጠው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከተሰጡት 30 ኪኒኖች 28 ቀን ቆጥሮ ሁለት ይዞ መጥቷል፣ ያለፉት ሁለት ልኬቶቹም ከ160 በላይ ነበሩ። ለዚህ ሰው «ይቀጥል» ማለት ስህተት ነው፤ ኪኒኑን እየዋጠ ግፊቱ ስላልወረደ መጠኑ ወደ 10 ሚሊ ግራም ከፍ ይላል ወይም ሁለተኛ መድኃኒት ይታከላል፣ እግር ሊያብጥ እንደሚችልም ይነገረዋል፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ለወገብ ሕመሙ ዳይክሎፌናክ ይወስድ እንደሆነ፣ ቡናውን በጨው ይጠጣ እንደሆነና ጫት ይቅም እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሦስቱም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉና። በኦ ላይ አንድ ቁጥር የተጻፈላቸው ሁለት ሰዎች ተቃራኒ እርምጃ ይገባቸዋል፣ የሚለያያቸውም በኤስ ውስጥ የሰፈረ አንድ ቀን ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ የመጨረሻዋ ኪኒን የተዋጠችበት ቀን ያልተጻፈበት የግፊት ማስታወሻ ጥሩ አይባልም። «መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስዳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምትክ ሊሆነው አይችልም፤ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ተብሎ የተጠየቀ የባሌ ሽማግሌ ሐኪሙን ላለማስቀየም «አዎ» ይላል፣ ጥያቄው በአስታማሚ አፍ ወደ ኦሮምኛ ተተርጉሞ ሲመለስ ደግሞ ያ «አዎ» ይበልጥ ይጠነክራል። «የመጨረሻዋን መቼ ዋጡ?» ለሚለው ግን በጨዋነት ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ቀን መጥራት ያስፈልጋል። ወረፋው ረዝሟል የሚለው ሰበብም እዚህ አይሠራም፤ ይህን ጠይቆ ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ «በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የደም ግፊት» ብሎ ከመጻፍ ብዙም አይበልጥም።

በባሌ ደጋ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ አንድ አንጋፋ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ አብረዋቸው የሠሩ እንደሚያስታውሱት፣ በሽተኞቻቸውን የሚያዝዙት የቀረውን ኪኒን ብቻ ሳይሆን ባዶውን ማሸጊያ ጭምር ይዘው እንዲመጡ ነበር፤ ማሸጊያውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የተቀደደውን እየቆጠሩ ከቀጠሮው ቀን ጋር ያስተያዩ ነበር። የተለማማጅ ካርድ ሲቀርብላቸው ኤስንም ኦንም ዘለው በቀጥታ ኤን ያዩ ነበር ይባላል፤ በዚያ የቁጥሩ ድግግሞሽ ብቻ ካለ በቀይ እስክርቢቶ «ለምን?» ብለው ጽፈው ሳይፈርሙ ይመልሱታል። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ካርዱ ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ተለማማጅ ግን በአራተኛው ማሸጊያውን ራሱ ቆጥሮ ይመጣ ነበር።

ይህ መለኪያ ግን ወሰን አለው። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚገኝበት ሦስት ዓይነት መድኃኒት በበቂ መጠን በትክክል እየተዋጠ ግፊቱ ካልወረደ፣ ኪኒን መቁጠር መልስ አይሰጥም፤ ያን ጊዜ ኤ ላይ መጻፍ ያለበት የኩላሊት ወይም የዕጢ ችግር መጠርጠሩ ነው፣ ፒም ወደ ምርመራና ወደ ከፍተኛ ሐኪም ይመራል። ግፊቱ 180/120 ደርሶ ከላይ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱ ያለበት ሰው ደግሞ የተመላላሽ ማስታወሻ አይጻፍለትም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል።

ከእነዚህ ውጭ ላሉት፣ ካርድ የሚፈርም ሐኪም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት የመጨረሻዋ ኪኒን የተዋጠችበትን ቀን በኤስ ውስጥ ይፈልግ፤ ካጣው ካርዱን ለጻፈው ሰው ይመልስ፣ በሽተኛው ገና ከግቢው ሳይወጣ።