ከድምፁ እግር በእግር

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለዓመታት የተማረ አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በቃላት እጥረት ወይም በሰዋስው አይደለም። ጽሑፉን አንብቦ ይረዳዋል፤ ያው ጽሑፍ በተናጋሪ አፍ ሲመጣ ግን ቃላቱ ተጣብቀው ያመልጡታል። እሱ ሲናገር ደግሞ አድማጩ ይቸገራል። የሁለቱም ችግር ምንጭ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱም የንግግሩ ምት ነው። ይህን ለማስተካከል ሻዶዊንግ የሚባለውን ልምምድ የሚያህል መንገድ አላውቅም። ልምምዱ የተቀዳ ንግግር በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ ሳይጠብቁ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ርቀት እየተከተሉ ያንኑ በድምፅ መናገር ነው። ብዙ ሰው ሞክሮት የሚተወው ጆሮውን ያለቦታው ስለሚጥል ይመስለኛል። የሚያሳድደው ጎልተው የሚሰሙትን ቃላት ነው፤ ምቱን የሚሠሩት ግን ሊጠፉ ምንም ያልቀራቸው፣ የሚዋጡት ድምፆች ናቸው።

አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «አይ ሹድ ሃቭ ቶልድ ዜም አባውት ኢት የስተርዴይ»፤ «ስለ ጉዳዩ ትናንት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር» ማለት ነው። ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ስምንቱን ቃላት በየተራ፣ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ጊዜና ጉልበት እየሰጠ ያወጣቸዋል። አማርኛ ያስለመደን ይህንኑ ነው። በአማርኛ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን ይዞ ይወጣል፤ «አለ» ብለን መናገሩን ከመኖሩ የምንለየው «ለ»ን በማላላትና በማጥበቅ ነው እንጂ አንዱን ክፍለ ቃል አጉልተን ሌላውን በመዋጥ አይደለም። አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ሰው ግን ያንን ዓረፍተ ነገር በሦስት ምት ይጨርሰዋል፤ ምቶቹ የሚያርፉት «ቶልድ»፣ «ባውት» እና «የስ» ላይ ነው። የቀሩት በመካከል ተጨምቀው «አሹደቭ ቶልደም ኧባውቲት የስተርዴ» የሚመስል ነገር ይሰማል። «ሃቭ» መነሻ ድምፁን ያጣል፤ የ«ዜም» አናባቢ ይደበዝዛል፤ የ«አባውት» መጨረሻ ከ«ኢት» ጋር ይጋጠማል። በሌላ በኩል የእኛ አፍ ያልነበረ ድምፅ ይጨምራል፤ መንገድ ማለት የሆነውን «ስትሪት» ስንል «ስ» እና «ት» በየግላቸው አጭር አናባቢ ይዘው ይወጡና በእንግሊዝኛ አንድ የነበረው ክፍለ ቃል ይበዛል። በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ በመሣሪያ ሲለካ ቀድሞ እንደታሰበው እኩል ሆኖ አልተገኘም፤ የሚዋጡት ድምፆች መዋጣቸው ግን የማያከራክር ነው። እነርሱን ሙሉ አድርጎ የሚጠብቅ ጆሮ ሲመጡ አያውቃቸውም፤ ሙሉ አድርጎ የሚያወጣቸው አፍ ደግሞ አድማጩ የትኛው ቃል ቁምነገሩን እንደያዘ እንዳይለይ ያደርገዋል።

ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን አያስተካክልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። አያስተካክልም፤ አንባቢ ፍጥነቱን የሚወስነው ራሱ ነውና የለመደውን ምት ይዞ መጽሐፉን ይጨርሳል። ሰምቶ፣ ቆም ብሎ መድገምም ቢሆን የሚረዳው በከፊል ነው። በቆምታው ውስጥ አእምሮ የሰማውን ወደሚያውቃቸው ሙሉ ቃላት ይመልሰዋል፤ «ሹደቭ»ን የሰማ ሰው «ሹድ ሃቭ» ብሎ ይደግማል። ሻዶዊንግ ያንን ክፍተት ይነፍገዋል። ያ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ የሚወስድ ከሆነ ስምንቱን ቃላት ሙሉ አድርጎ የሚያወጣ ሰው «ቶልድ» ላይ ሳይደርስ ተናጋሪው አልፎት ይሄዳል። ወይ ይውጣል፣ ወይ ወደኋላ ይቀራል። የልምምዱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቅጂውን አዝግሞ ማጫወትን አልወድም። ንግግሩ ሲለጠጥ ተለማማጁ ሳይውጥ መድረስ ይችላል፤ ሊማረው የመጣው ነገር ይቀርበታል። ከፈጠነበት በዝግታ የሚናገር ሌላ ሰው ቢመርጥ ይሻለዋል።

አሠራሩ ላይ ትልቁ ስሕተት ያልገባን ንግግር መከተል ነው። ኮሊን ቼሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች በሁለት ጆሮ ሁለት የተለያየ ንግግር እያሰማ አንዱን እንዲከተሉ ሲያደርጋቸው፣ በሌላው ጆሮ ምን እንደተባለ መናገር አቃታቸው፤ ቋንቋው ሲቀየር እንኳ ልብ አላሉም። መከተል ትኩረትን ይህን ያህል የሚበላ ሥራ ከሆነ፣ እግረ መንገድ ትርጉም ለመፈለግ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ የሚሆን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትና ጽሑፉ አብሮት ያለ ቅጂ ይመረጣል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ይሰሙታል፤ ቀጥሎ እያዩ ምቱ የሚያርፍባቸውን ክፍለ ቃላት በእርሳስ ያሰምሩባቸዋል፤ የማይታወቅ ቃል ካለ በዚህ ጊዜ ፍቺው ይታያል። ከዚያ በለሆሳስ፣ ከንፈር ብቻ በሚያንቀሳቅስ ድምፅ ይከተሉታል። በዚህ ደረጃ ያልተሰመረባቸውን ድምፆች ማበላሸት ነውር የለውም፤ የተሰመረባቸው ላይ ከተናጋሪው ጋር መገናኘት ይበቃል። ከዚያ በኋላ በሙሉ ድምፅ ከጽሑፉ ጋር፣ በመጨረሻም ያለ ጽሑፍ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ሲደክሙ ጆሮ ይዘጋና አፍ ብቻውን ይሄዳል። ራስን በስልክ ቀድቶ ማዳመጥም ግድ ነው፣ እየተናገሩ ራስን በደንብ መስማት አይቻልምና። ቅጂው ከሦስት ቃል በላይ ወደኋላ መቅረትን ካሳየ ጽሑፉ ከብዷል። ተናጋሪውን መቅደም ከመጣ ደግሞ ንግግሩ ተሸምድዷል ማለት ነው፤ ጆሮ ሥራውን አቁሟልና ቅጂውን መለወጥ ይገባል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ይህ በቀቀንነት ነው የሚለው ነው፤ የሌላ ሰው ቃል መድገም የራስን ሐሳብ መናገር አያስተምርም ይባላል። ዊልያም ማርስለን-ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት እዚህ ላይ ይረዳናል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚከተሉ ጥቂት ሰዎች ሩብ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም አንድ ክፍለ ቃል በሚሆን ርቀት ይከተሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲሳሳቱ እንኳ ስሕተታቸው ከቀደመው ሐሳብና ሰዋስው ጋር የሚስማማ ነበር። ከድምፁ ይህን ያህል ተጠግተውም አእምሯቸው ዓረፍተ ነገሩን እየገነባ ነበር ማለት ነው። በተማሩት ቋንቋ ይህ ሊሆን የሚችለው ንግግሩ አስቀድሞ ሲገባን ነው፤ ካልገባን በእርግጥም በቀቀን ነን።

ሌላው ስጋት ልምምዱ የተለማማጁን የራሱን የአነጋገር ለዛ ያጠፋበታል የሚል ነው። ፉትና ማክዶኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት ሻዶዊንግ የተለማመዱ 16 የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ለስምንት ሳምንታት ተከታትሏል። በራሳቸው ቃል ሲናገሩ ንግግራቸው ለአድማጭ ቀለል ያለና የሚፈስ ሆኗል፤ ከሌላ ቋንቋ የመጡ መሆናቸውን የሚናገረው ቃና ግን አልተለወጠም። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ አልጭንበትም፤ ከአሠራሩ ጠባይ ጋር ግን ይገጥማል። የተነካው ምቱ ነውና ሰውየው ከየት እንደመጣ ቢያስታውቅም ያለ ድካም ይሰማል። በሻዶዊንግ ላይ በጃፓን በስፋት የሠራው ዮ ሃማዳ ደግሞ የማዳመጥ ችሎታቸው ይበልጥ የተሻሻለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ተማሪዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ይህም አሠራሩ ወሰን እንዳለው ይነግረናል። ምቱ አንዴ ጆሮው ውስጥ ለገባ ሰው ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቃል መምረጥና ሐሳብ ማደራጀትን ደግሞ ከመጀመሪያውም አያስተምርም። በዚህ ምክንያት አንድ ቅጂ ካበቃ በኋላ ያንኑ ጉዳይ በራስ ቃል ለአንድ ደቂቃ መናገርና መቅዳት ያስፈልጋል። ሲያዳምጡት «ሹድ ሃቭ» እንደገና ሁለት ሙሉ ቃል ሆኖ ከተመለሰ ያ ቅጂ ገና አላለቀም፤ በማግስቱ ከለሆሳሱ ደረጃ ይጀመራል።