ሀሽ ቴብል ወይስ ዛፍ፦ የግማሽ ገጽ ማብራሪያ

ለዳታ ስትራክቸር ተማሪዎቼ ከምሰጣቸው አሳይመንቶች በአንዱ፣ ከኮዱ ይልቅ በጉጉት የማነበው አብሮት የሚመጣውን የግማሽ ገጽ ማብራሪያ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። 200,000 የአማርኛ ቃላት ከነትርጉማቸው በፋይል ይሰጣሉ። ፕሮግራሙ አንዴ ያነባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ 2,000,000 ጊዜ «የዚህ ቃል ትርጉም ምንድን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። በመሀል በመሀል፣ በድምሩ 40 ጊዜ፣ የአንድ ፊደል ቤተሰብ ቃላት በሙሉ በፊደል ተራ እንዲዘረዘሩ ይታዘዛል፤ ለምሳሌ ከ«መ» እስከ «ሞ» ባሉት የሚጀምሩት ሁሉ። ተማሪው ከሀሽ ቴብልና ከሚዛናዊ ዛፍ አንዱን ይመርጣል። ለምን እንደመረጠም ይጽፋል።

ከሚመጡልኝ ወረቀቶች የሚበዙት ከሁለት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ይዘዋል። «ሀሽ ቴብል የመረጥኩት ፍለጋው O(1) ስለሆነ ነው» ይላል አንዱ። ሌላው «ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለተፈለገ ዛፍ መርጫለሁ» ይላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ችግራቸው የአሳይመንቱን ወረቀት ሳይገልጡ ሊጻፉ መቻላቸው ነው፤ 200,000 የለባቸውም፣ 2,000,000 የለባቸውም፣ 40ም የለባቸውም።

እኔም ጥያቄውን ሳወጣ በልቤ የያዝኩት መልስ ዛፍ ነበር። የፊደል ተራ የሚለውን ሐረግ ያስገባሁት ተማሪውን ወደዚያ እንዲመራው ብዬ ነው። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ሀሽ መርጣ ስላየሁ ቢሮ ጠራኋትና «ተራውን ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ቆጥሬው ነው» አለችኝና ወረቀቷን ገለበጠች። ከጀርባው ላይ ስሌቱ በእርሳስ ተሠርቷል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በዛፉ ውስጥ አንድን ቃል ለማግኘት ከሥሩ ተነስተን በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ካለው ቃል ጋር እያነጻጸርን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንወርዳለን፤ በየደረጃው የቀረው ቃል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 2 በራሱ 18 ጊዜ ሲባዛ 262,144 ስለሆነ፣ 200,000 ቃላት በደንብ ከተመጣጠኑ በ18 ደረጃ ይገባሉ። ብዙዎቹ ቃላት ታችኛዎቹ ደረጃዎች ላይ ስለሚገኙ አንድ ፍለጋ በአማካይ 17 ያህል ንጽጽር ይፈጃል። (አዴልሰን-ቬልስኪና ላንዲስ በ1962 ያቀረቡት ዛፍ፣ በስማቸው መነሻ ኤቪኤል የሚባለው፣ ሁልጊዜ ፍጹም ሚዛናዊ ባይሆንም ለዚህ ብዛት ከ25 ደረጃ እንደማያልፍ የተረጋገጠ ነው።) 2,000,000 ፍለጋ በ17 ሲባዛ 34 ሚሊዮን ንጽጽር ይመጣል።

ሀሽ ቴብል ደግሞ ቃሉን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ አንድ ሳጥን ይለውጣል። የሳጥኖቹ ብዛት ከቃላቱ ጋር እኩል ከሆነና ሀሽ ፈንክሽኑ በደንብ ከበተናቸው፣ ያለ ቃል ለማግኘት በአማካይ አንድ ተኩል ንጽጽር ይበቃል። ስለዚህ ፍለጋው ሁሉ 3 ሚሊዮን ነው። ለፊደል ቤተሰቡ ግን ሀሽ ምንም አያግዝም፤ «መስኮት» እና «መስከረም» ሳጥናቸው የት እና የት እንደሆነ አይታወቅም። በእያንዳንዱ ጥያቄ 200,000ውን ቃል በሙሉ ማየት ያስፈልጋል። 40 ጊዜ ሲሆን 8 ሚሊዮን ነው። ድምሩ 11 ሚሊዮን፣ ለ34 ሚሊዮን።

ከሥሩ የጻፈችው መስመር ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ አሰኝቶኛል፦ «የቤተሰብ ጥያቄው ከ155 ካለፈ ዛፍ እመርጣለሁ።» 31 ሚሊዮኑን ልዩነት ለ200,000 አካፍላ ነው ያገኘችው። ምርጫዋ መቼ እንደሚፈርስ ራሷ ተናግራለች።

አንድ ነገር ግን ረስታ ነበር፣ እሱን አብረን ሠራነው። ከሀሽ ቴብሉ የተለቀሙት ቃላት ተራ የላቸውም፤ መደርደር አለባቸው። በአማርኛ ደግሞ የ«መ» ቤተሰብ ከሌላው ይከብዳል፤ መሄዱ፣ መብላቱ፣ መጻፉ፣ ንዑስ አንቀጹ ሁሉ በ«መ» ይጀምራልና። ቤተሰቡ 20,000 ቃላት አሉት ብንል፣ እነሱን ለመደርደር እያንዳንዱ 14 ያህል ንጽጽር ይፈልጋል፤ 280,000 መሆኑ ነው። ከቅኝቱ ራሱ ይበልጣል! አርባውም ጥያቄ «መ»ን የሚጠይቅ ቢሆን የሀሽ ድምር ወደ 22 ሚሊዮን ይወጣል። አሁንም ከ34 ያንሳል። መቀየሪያው ነጥብ ግን ከ155 ወደ 65 አካባቢ ወረደ። ቁጥሩን አስተካከለች፤ ምርጫዋን አልለወጠችም፤ ልክ ነበረች።

ንጽጽር መቁጠር ሰዓት ከመያዝ ጋር አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዛፉ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ሩቅ ወዳለ የሜሞሪ ቦታ ሊዘል ይችላል፤ ካሽ ውስጥ የሚቆዩት የላይኞቹ ደረጃዎች ናቸው። ሀሽም ንጽጽሩ ቢያንስም የቃሉን ባይቶች በሙሉ አንብቦ ማስላት አለበት። ስለዚህ ተማሪው ሁለቱንም በሰዓት ለክቶ ቁጥሩን እንዲጽፍ እፈልጋለሁ። ግን መጀመሪያ ቆጥሮ ነው መለካት ያለበት፤ ካልሆነ የለካው ቁጥር ሲያስገርመው መገረም እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

ይህን ያየሁት በሌላ ተማሪ ወረቀት ነው። እሱም ሀሽ መርጦ ነበር፣ ፕሮግራሙ ግን አላልቅ አለ። ሀሽ ፈንክሽኑን ራሱ ጽፎታል፤ የቃሉን የመጀመሪያ ባይት ብቻ ይወስዳል። በእንግሊዝኛ ቃላት ቢሆን ደካማ ቢሆንም ቢያንስ ወደ ሃያ ስድስት ሳጥን ይበትን ነበር። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፣ የመጀመሪያውም ባይት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ድረስ ሁሌም አንድ ነው፤ `0xE1`። ስለዚህ 200,000ው ቃል አንድ ሳጥን ውስጥ ተከመረ። አንድ ፍለጋ በአማካይ 100,000 ንጽጽር ሆነ፤ ጠቅላላው 200 ቢሊዮን። ሌሎች የፊደላቱን የዩኒኮድ ቁጥር ይደምራሉ። ይኸኛው በመጠኑ ይሻላል፤ ነገር ግን ፊደሎቻችን በጠባብ ክልል ስለታጨቁ፣ የአምስት ፊደል ቃላት ድምር ሁሉ ሁለት ሺህ በማይሞሉ ቁጥሮች መካከል ይወድቃል። ፊደሎቻቸው ቦታ ብቻ የተለዋወጡ ቃላትም ምንጊዜም አንድ ሳጥን ይጋራሉ።

ይህን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። በጣም የሞላው ሳጥን ስንት ቃል እንደያዘ ማተም ይበቃል። የቃላቱና የሳጥኖቹ ብዛት እኩል ሆኖ ከአሥር በላይ ካየሁ ፈንክሽኑን እጠራጠራለሁ። አሁን ሀሽ የሚመርጥ ተማሪ ሁሉ ይህን ቁጥር በማብራሪያው እንዲያሰፍር አዝዣለሁ፤ ያ O(1) እውነት የሚሆነው በዚህ ቁጥር ነውና።

ሌላው ወጥመድ «ሰላም» እና «ሠላም» ናቸው። ተጠቃሚው በየትኛውም ቢጽፍ ቃሉ እንዲገኝ ይፈለጋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ዛፍ የመረጠ ተማሪ ማነጻጸሪያውን ብቻ ያስተካክላል። ሀሽ የመረጠ ግን ሁለት ቦታ ማስተካከል አለበት፤ እኩልነቱንም ሀሽ ፈንክሽኑንም። እኩልነቱን ብቻ ካስተካከለ፣ «ሠላም» ሌላ ሳጥን ውስጥ ይፈለግና የለም ይባላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቃሉ በአንዱ አጻጻፍ ይገኛል፣ በሌላው አይገኝም፣ ፕሮግራሙም ምንም ስሕተት አያሳይም።

ዛፉም ቢሆን ነፃ አይደለም። የ«መ»ን ቤተሰብ ለማውጣት ተማሪዎች እንዲህ ይጽፋሉ፤

```cpp
auto a = words.lower_bound("መ");
auto b = words.lower_bound("ሠ");
```

በዩኒኮድ ከ«መ» ቤተሰብ ቀጥሎ የሚመጣው «ሠ» ስለሆነ ልክ ነው። ማነጻጸሪያው «ሠ»ን እንደ «ሰ» መቁጠር ሲጀምር ግን ወሰኑ ሳይታወቅ ወደ «ሰ» ይሸሻል። በመካከላቸው ያለው «ረ» ደግሞ ተጠራርጎ ይገባል። በ«መ» ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ራስ» እና «ሩቅ» ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው፤ ወሰኑ «ረ» መሆን ነበረበት። ለሁለቱም የምመክረው አንድ ነው፦ ቃሉ ወደ ሰንጠረዡ ሲገባም ሲፈለግም በአንድ ፈንክሽን ወደ አንድ አጻጻፍ ይለወጥ፣ የመጀመሪያው አጻጻፉ ከትርጉሙ ጋር ይቀመጥ። ያን ጊዜ ማነጻጸሪያውም ሀሹም ሳይነኩ ይሠራሉ። በወሰኑ ላይ ግን አሁንም ዓይን ያስፈልጋል።

ያቺ ተማሪ ወረቀቷን አስተካክላ ስትመልስ ከታች አንድ አንቀጽ ጨምራ ነበር። ቃላቱ ከተነበቡ በኋላ አይለወጡም፣ ስለዚህ ከሀሽ ቴብሉ ጎን አንድ የተደረደረ አሬይ ማስቀመጥ ይቻላል ትላለች። መደርደሩ አንድ ጊዜ 3.6 ሚሊዮን ንጽጽር ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ የማንኛውም ቤተሰብ ወሰን በ18 እርምጃ ይገኛል። ለሀሹ 3 ሚሊዮን ሲጨመርበት ድምሩ 7 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። የሚከፈለው ለአሬዩ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። እኔ ከሁለት አንዱን ምረጡ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጥያቄው ውስጥ ያለውን «አንዴ ያነባቸዋል» የሚለውን ቃል በቁም ነገር ወስዳዋለች። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «በፍለጋዎቹ መካከል 50,000 አዳዲስ ቃላት ይገባሉ።» አሁን አሬዩ ለእያንዳንዱ አዲስ ቃል በአማካይ 100,000 እና ከዚያ በላይ ቃላትን መግፋት አለበት፤ ዛፉ ግን በ18 ደረጃ ወርዶ፣ ጥቂት ቅርንጫፎች አዙሮ ያስገባዋል። የቤተሰብ ጥያቄውንም ከ40 ወደ 100 አሳድጌዋለሁ፤ ለየትኞቹ ፊደሎች እንደሆነ ግን አልጻፍኩም።